ቁልፉ ሳይሰበር የሚያፈስ ምስጠራ፦ ኢሲቢ እና ጂሲኤም ምን ይለያቸዋል?

አንድ ዳታቤዝ ተሰርቆ ሲወጣ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ቶሎ ብሎ የሚሰጠው ማጽናኛ «መረጃው የተመሰጠረ ነው» የሚል ነው። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚነግረን ግን ግማሹን ብቻ ነው። በምን ስልተ ቀመር ተመሰጠረ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በየትኛው ሞድ? ኤኢኤስን የመሰለ ጠንካራ ስልተ ቀመር ይዞ፣ ቁልፉንም በጥንቃቄ ደብቆ፣ በሞድ ምርጫ ብቻ መረጃን ማጋለጥ ይቻላል።

ሞድ ማለት ምን ማለት ነው?

ኤኢኤስ ብሎክ መስጣሪ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 16 ባይት ብቻ ነው፤ በቁልፉ አማካይነት ያንን ወደ ሌላ 16 ባይት ይለውጠዋል። ቁልፉ 128፣ 192 ወይም 256 ቢት ሊሆን ይችላል፤ ብሎኩ ግን ምንጊዜም 16 ባይት ነው። ከመመስጠሩ በፊት ያለውን ጥሬ ጽሑፍ፣ ከተመሰጠረ በኋላ የሚወጣውን ደግሞ ምስጥር እንበለው።

የምንመሰጥረው ነገር ግን በ16 ባይት አያልቅም። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የዳታቤዙ መዝገብ ሁሉ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ብሎኮቹን እንዴት እያስከተልን በመስጣሪው ውስጥ እናሳልፋቸው የሚል ደንብ ያስፈልጋል። ሞድ የሚባለው ይህ ደንብ ነው፤ ኢሲቢና ጂሲኤም ሁለቱም ሞዶች ናቸው። ያው ኤኢኤስ፣ ያው ቁልፍ በተለያየ ሞድ ሲሠራ የሚሰጠው ጥበቃ በጣም ይለያያል።

ኢሲቢ ምን ያደርጋል?

ከሁሉም ቀላሉ ደንብ እሱ ነው። ጽሑፉን በ16 ባይት ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ይመሰጥራል፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። አንዱ ብሎክ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቁልፉ እስካልተቀየረ ድረስ ኢሲቢን እንደ አንድ ግዙፍ መዝገበ ቃላት ማየት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ 16 ባይት አንድ ቋሚ ፍቺ አለው፣ ፍቺው ዛሬም ነገም፣ በዚህ ፋይልም በዚያ ፋይልም አንድ ነው።

ኦፕንኤስኤስኤል ያለበት ኮምፒውተር ላይ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሚከተለው ትእዛዝ አንድን የ16 ባይት ብሎክ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ በኢሲቢ ይመሰጥራል፦

```
printf '00112233445566778899aabbccddeeff00112233445566778899aabbccddeeff' \
 | xxd -r -p \
 | openssl enc -aes-128-ecb -nopad -K 000102030405060708090a0b0c0d0e0f \
 | xxd -p -c 16
```

ውጤቱ ይህ ነው፦

```
69c4e0d86a7b0430d8cdb78070b4c55a
69c4e0d86a7b0430d8cdb78070b4c55a
```

አንዱን መስመር ለብቻው ብታዩት ከዘፈቀደ ቁጥር አይለይም። ኤኢኤስ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ችግሩ ሁለቱ መስመሮች አንድ መሆናቸው ነው። ቁልፉን የማያውቅ ሰው የጥሬ ጽሑፉን ይዘት ባያውቅም፣ ሁለቱ ክፍሎች እንደሚመሳሰሉ ግን አወቀ። ሰፊ ነጭ መደብ ያለው፣ ያልታመቀ ሥዕል በኢሲቢ ሲመሰጠር ቅርጹ ተመልሶ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መደቡ አንድ ዓይነት ብሎክ እየደጋገመ ይሞላል፣ የሥዕሉ ጠርዝ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ብሎኩ ይለወጣል። ሥዕሉ ግን ለማስተማሪያ እንጂ ዋናው ጉዳት አይደለም። ዋናውን ጉዳት የሚያሳየው የፓስወርድ ሰንጠረዥ ነው።

ድግግሞሽ መታየቱ ይህን ያህል ምን ይጎዳል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ከአዶቢ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተጠቃሚ መዝገቦች ተሰርቀው በይነመረብ ላይ ወጡ። ፓስወርዶቹ ትሪፕል ዴስ በተባለ የቆየ ብሎክ መስጣሪ፣ በኢሲቢ ሞድ፣ ሁሉም በአንድ ቁልፍ የተመሰጠሩ ነበሩ። የትሪፕል ዴስ ብሎክ 8 ባይት ነው። ከዚያ ሰንጠረዥ ሦስት ምስጥሮችን በየብሎኩ ከፍለን እንያቸው፤ በግራ ያለው በኋላ የተደረሰበት ፓስወርድ ነው፦

```
password     2fca9b003de39778 e2a311ba09ab4707
12345678     8fda7e1f0b56593f e2a311ba09ab4707
123456789    8fda7e1f0b56593f 3a68c8e06452f362
```

መጀመሪያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር አነጻጽሩ። የመጀመሪያው ብሎካቸው አንድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ፓስወርዶች የሚጀምሩት በእነዚያው 8 ፊደላት ነው። አንዱ የተፈታ ለት የሌላው አብዛኛው ክፍል አብሮ ተፈታ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን መስመር የቀኝ ዓምድ እዩ። ፓስወርዶቹ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ሁለተኛው ብሎክ ግን አንድ ነው። ሁለቱም በትክክል 8 ፊደል ስለሆኑ የመጀመሪያውን ብሎክ ሞልተው፣ ሁለተኛው ብሎክ የያዘው ብሎክ ለማሟላት የሚጨመር መሙያ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ሁለተኛውና የመጨረሻው ብሎኩ `e2a311ba09ab4707` የሆነ ተጠቃሚ ሁሉ ባለ 8 ፊደል ፓስወርድ እንዳለው በጨረፍታ ይታወቃል። አንድ ብሎክ ብቻ ያለው ደግሞ ፓስወርዱ ከዚያ ያጥራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቆጠራ ነው። ተመሳሳይ ምስጥሮችን ሰብስቦ በብዛት ማስቀደም። ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ምስጥር ወደ 1.9 ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች መዝገብ ላይ ነበረ። አዶቢ ከፓስወርዱ ጎን የተጠቃሚዎችን ማስታወሻ ፍንጭ ሳይመሰጥር ስላስቀመጠው፣ አንድ ምስጥር በተጋሩ ሰዎች ሁሉ ፍንጭ ተደማምሮ መልሱን ለመገመት በቂ ሆነ። አንዱ ግድየለሽ ተጠቃሚ «ከ1 እስከ 6» ብሎ ከጻፈ፣ ፍንጭ ያልጻፈው ጠንቃቃ ጭምር አብሮት ይጋለጣል። ይህ ሁሉ የሆነው ትሪፕል ዴስን የሰበረ ወይም ቁልፉን ያገኘ ሰው ሳያስፈልግ ነው። (ፓስወርድ ከነጭራሹ በሚፈታ ምስጠራ መቀመጥ አልነበረበትም፤ የእሱ ቦታ እንደ አርጎን2 ያለ ቀርፋፋ ሃሽ ነው። ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።)

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ማዕከል የዙም ስብሰባዎች ድምፅና ምስል በኢሲቢ እንደሚመሰጠር አሳይቶ ነበር፤ ዙምም በዚያው ዓመት ወደ ጂሲኤም ተሻገረ።

ድግግሞሹን መደበቅ እንዴት ይቻላል?

መፍትሔው ተመሳሳይ ብሎኮች በተገናኙ ቁጥር የተለያየ ነገር እንዲቀላቀልባቸው ማድረግ ነው። መንገዱ ብዙ ነው፤ ጂሲኤምን ለመረዳት የሚያስፈልገን ግን ሲቲአር የሚባለው አንዱ ብቻ ነው።

በሲቲአር መልእክቱ ራሱ ወደ ኤኢኤስ አይገባም። የሚገባው ቆጣሪ ነው፤ ለዚህ መልእክት ብቻ የተመደበ ቁጥር ይቀድማል፣ ከኋላው 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚጨምር ቁጥር ይከተላል። ያ የማይደገመው ቁጥር ኖንስ ይባላል። ኤኢኤስ እያንዳንዱን ቆጣሪ ሲመሰጥር 16 የዘፈቀደ የሚመስሉ ባይቶች ይወጣሉ፤ እነሱ ከጥሬ ጽሑፉ ጋር በኤክስኦር ይዋሃዳሉ። ኤክስኦር ሁለት ቢቶች ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 የሚሰጥ ስሌት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተደረገ ወደ መነሻው ይመልሳል። ቆጣሪው ስለማይደገም ሁለት ተመሳሳይ ብሎኮች ሁለት የማይመሳሰሉ ምስጥሮች ይሆናሉ። ኖንሱ ምስጢር መሆን የለበትም፣ ከምስጥሩ ጋር በግልጽ ይላካል። የሚጠበቅበት አለመደገም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል።

ማንበብ ካልቻለ መለወጥ እንዴት ይችላል?

ይችላል፤ ያውም በሲቲአር በጣም ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም `amount=0000100` የሚል መልእክት በሲቲአር መስጥሮ ይልካል እንበል። መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልፉን አያውቅም፤ የመልእክቱን አቀማመጥ ግን ያውቃል፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ለማንም የተከፈተ ነው። `amount=` 7 ፊደል ስለሆነ የገንዘቡ የመጀመሪያ አኃዝ 8ኛው ባይት ላይ ነው።

በምስጥሩ 8ኛ ባይት ላይ `c4` አለ እንበል። የጽሑፉ `0` በኮምፒውተር አጻጻፍ `30` ነው፣ `9` ደግሞ `39`። በሁለቱ መካከል ያለው የኤክስኦር ልዩነት `09` ነው። አጥቂው `c4` ላይ `09` ኤክስኦር አድርጎ `cd` ይልካል።

```
c4 xor 30 = f4    
cd xor f4 = 39    
```

የመጀመሪያው መስመር ላኪው የተጠቀመበትን የቆጣሪ ባይት ያሳየናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ተቀባዩ ሲፈታ የሚያገኘውን። `f4`ን አጥቂው ማወቅ እንኳ አላስፈለገውም። ተቀባዩ `amount=9000100` ያነባል፤ ምንም የስህተት ምልክት አይታይም፣ ሌሎቹ ባይቶችም አልተበላሹም።

ኢሲቢም ከዚህ አያድንም። እዚያ አንድ ቢት ቢነካ ሙሉው ብሎክ ይበላሻል፤ ነገር ግን ብሎኮቹ እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ ከአንዱ መልእክት የተቆረጠን ብሎክ ሌላው ላይ መለጠፍ፣ ማፈራረቅ ወይም ማጥፋት ይቻላል። ተቀባዩ ሁሉንም ያለ ቅሬታ ይፈታል። ማንበብን መከልከልና መነካካትን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጂሲኤም ምን ይጨምራል?

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 በደረጃነት ያወጣው ጂሲኤም ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቁልፍ ይሠራል። የመመስጠሩ ክፍል ከላይ ያየነው ሲቲአር ነው፤ 12 ባይት ኖንስ፣ ቀጥሎ 4 ባይት ቆጣሪ፣ በድምሩ አንድ ብሎክ። አዲሱ ነገር ታግ የሚባለው 16 ባይት ነው። ታጉ ከምስጥሩና ከቁልፉ ይሰላል፤ ተቀባዩም ደግሞ አስልቶ ያነጻጽረዋል። ካልገጠመ መልእክቱን ይጥለዋል።

ታጉ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኤኢኤስ ሙሉ በሙሉ ዜሮ የሆነ ብሎክ ይመሰጥርና ውጤቱ ኤች ተብሎ ይያዛል። ኤች ከቁልፉ የሚወለድ ምስጢራዊ ቁጥር ነው። ከዚያ፦

```
H = E(K, 0)
Y = 0
Y = (Y xor block) * H
tag = Y xor E(K, nonce || 00000001)
```

`E` በቁልፉ `K` የሚሠራው ኤኢኤስ ነው፣ `||` ደግሞ አንዱን ከሌላው ኋላ ማስከተል። ሦስተኛው መስመር ለእያንዳንዱ የምስጥር ብሎክ ይደጋገማል። ማባዛቱ ተራ ማባዛት አይደለም፣ ውጤቱ ምንጊዜም በ128 ቢት ውስጥ እንዲቆይ የተበጀ ነው። ቁም ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ከፊት ያለው ብሎክ ብዙ ጊዜ በኤች ይባዛል፣ ከኋላ ያለው ጥቂት ጊዜ። ስለዚህ ብሎክ ቢለወጥ ብቻ ሳይሆን ቦታው ቢቀየርም ድምሩ ይለወጣል። የመጨረሻው ብሎክ ርዝመቱን ስለሚይዝ ቆርጦ ማሳጠርም ይታወቃል። በመጨረሻ ውጤቱ በቆጣሪ ቁጥር 1 ምስጥር ይሸፈናል፤ መልእክቱ ራሱ የሚመሰጠረው ከቁጥር 2 ጀምሮ ነው።

ወደዚያ `cd` እንመለስ። አጥቂው በጂሲኤምም 8ኛውን ባይት መለወጥ ይችላል። አሁን ግን ታጉንም አብሮ ማስተካከል አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ለውጡ በኤች ሲባዛ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይኖርበታል። ኤችን አያውቅም። በግምት አንድ ታግ ቢሞክር የሚሳካለት ዕድል ከ2^128 አንድ ያህል ነው። ታጉን ለመቆጠብ ወደ 4 ባይት ቢያሳጥሩት ግን ይህ ወደ 2^32 ይወርዳል፣ ስለዚህ 16 ባይቱን እንዳለ መተው ይሻላል።

ጂሲኤም ሳይመሰጠር የሚታሰር መረጃም ይቀበላል። በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፦

```python
import os
from cryptography.hazmat.primitives.ciphers.aead import AESGCM

key = AESGCM.generate_key(bit_length=256)
nonce = os.urandom(12)
data = b"secret record"
ct = AESGCM(key).encrypt(nonce, data, b"user:4471")
stored = nonce + ct
```

`user:4471` አይመሰጠርም፣ በታጉ ስሌት ውስጥ ግን ይገባል። የዚህን ተጠቃሚ የተመሰጠረ መዝገብ ገልብጦ በሌላ ተጠቃሚ ረድፍ ላይ የለጠፈ ሰው፣ ሲፈታ የሚጠራው መለያ ስለሚለይ `InvalidTag` ያገኛል። የሚቀመጠው ነገር ከጥሬው በ28 ባይት ይረዝማል፤ 12 ለኖንስ፣ 16 ለታግ። የዳታቤዙን ዓምድ ስፋት ስትወስኑ ይህን አስቡበት።

አንድ ነገር ግን ከፕሮግራመሩ ይጠበቃል፤ ታጉ ሳይረጋገጥ ከተፈታው መረጃ አንዲት ባይት እንኳ አለመጠቀም። ከላይ ያለው ላይብረሪ ይህን ራሱ ያስከብራል። ትልልቅ ፋይሎችን እየቆራረጡ የሚፈቱ ፕሮግራሞች ግን የተፈታውን ወዲያው ወደ ዲስክ ይጽፉና ታጉን መጨረሻ ላይ ያዩታል። ያን ጊዜ የተነካካው መረጃ አስቀድሞ ወጥቷል። ፋይሉን በቁራጭ ከፍሎ ለየቁራጩ የራሱን ኖንስና ታግ መስጠት፣ የቁራጩን ተራ ቁጥርና የመጨረሻው መሆን አለመሆኑንም በታጉ ውስጥ ማሰር ይሻላል።

ኖንሱ ቢደገምስ?

ጂሲኤም የሚወድቀው እዚህ ነው፣ አወዳደቁም ከባድ ነው። በአንድ ቁልፍ ሁለት መልእክቶች አንድ ኖንስ ከተጠቀሙ ቆጣሪዎቻቸው ይገጥማሉ። ሁለቱን ምስጥሮች ኤክስኦር ሲያደርጓቸው ሽፋኑ ይጠፋና የሁለቱ ጥሬ ጽሑፎች ልዩነት ብቻ ይቀራል። አንዱን የሚያውቅ ሌላውን አነበበ። ይባስ ብሎ የታጎቹ ሽፋንም አንድ ስለሆነ እሱም ይሰረዛል፤ የሚቀረው ኤች ብቻ የማይታወቅበት እኩልታ ነው። እኩልታው ሲፈታ ጥቂት አማራጮች ይተርፋሉ፣ ከእነሱም ትክክለኛውን መለየት አይከብድም። ከዚያ ወዲያ አጥቂው በዚያ ኖንስ ላይ ያሻውን ታግ መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በይነመረቡን ሲፈትሹ ኖንስ የሚደግሙ 184 ሰርቨሮች አግኝተዋል።

የሚደገመው ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን ምክንያት ነው። ኖንሱ በኮዱ ውስጥ ቋሚ ሆኖ ተጽፎ ይቀራል፤ ቆጣሪው በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ ተይዞ ሰርቨሩ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል፤ ወይም አንድ ቁልፍ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ተጭኖ ሁለቱም ከ1 ይቆጥራሉ። ኖንስ በዘፈቀደ ሲመረጥ በአንድ ቁልፍ ከ2^32፣ ማለትም ከ4.3 ቢሊዮን ገደማ መልእክት በላይ አለመሄድ በደረጃው ተደንግጓል። ከዚያ በፊት ቁልፉ ይቀየራል።

የእኔ ፕሮግራም ኢሲቢ መጠቀሙን በምን አውቃለሁ?

በኮድ ውስጥ ሲፈለግ `ECB` የሚለው ቃል ላይገኝ ይችላል። በጃቫ ከተለመደው አቅራቢ ጋር `Cipher.getInstance("AES")` ብሎ መጻፍ ሳይናገር ኢሲቢን ይመርጣል። መጻፍ ያለበት `AES/GCM/NoPadding` ነው።

ኮዱ በእጃችሁ ከሌለ በውጤቱ መፈተሽ ይቻላል። ቢያንስ 64 ጊዜ የተደጋገመ አንድ ፊደል ያለበት መረጃ አስገቡ፤ ፊደሉ በብሎኩ የትኛውም ቦታ ላይ ቢጀምር ሦስት ሙሉ ተመሳሳይ ብሎኮች ይፈጠራሉ። ከዚያ የተመሰጠረውን ፋይል፦

```
xxd -p -c 16 file.enc | sort | uniq -d
```

ይህ የተደገሙ የ16 ባይት መስመሮችን ብቻ ያወጣል። በደህና ሞድ ምንም መውጣት የለበትም፤ አንድ መስመር እንኳ ቢወጣ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተደጋገመውን ፊደል ሳታስገቡ በተገኘ ፋይል ላይ ብቻ ከሆነ የሠራችሁት፣ ባዶ ውጤት ኢሲቢ አለመሆኑን አያረጋግጥም። የታመቀ ፋይል ራሱ ድግግሞሽ ስለሌለው በኢሲቢም ቢሆን ንጹሕ ይመስላል።

ጂሲኤም የማይሸፍነው ምን አለ?

የመልእክቱን ርዝመት አይደብቅም፤ ምስጥሩ ከጥሬው ጋር እኩል ይረዝማል። «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ የሚላክበት መስመር ላይ ርዝመቱ ብቻውን መልሱን ይናገራል፣ ስለዚህ ከመመስጠሩ በፊት በእኩል ርዝመት ይሞላል። የቆየ መልእክት ተይዞ እንደገና ቢላክም ታጉ ትክክል ስለሆነ ይቀበለዋል። የገንዘብ ማስተላለፊያ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ እንዳይፈጸም የመልእክቱ ተራ ቁጥር ከታጉ ጋር ይታሰራል፤ ተቀባዩም የመጨረሻውን ቁጥር መዝግቦ፣ ከዚያ እኩል ወይም ያነሰ ሲመጣ ይመልሰዋል።